አራተኛው ማኅደር

«አቢሶን የጣለው ኮሮና ነው።»

አጵሎስ ይህን ሲል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ቤሪያ ሰፈር ያለው ፎቃችን ደረጃ ላይ ይለዋል። ዳቬይተን ሱቅ ያላቸው የሀገራችን ልጆች ዕቃ ሊገዙ ከተማ ሲገቡ ይለዋል። ጸሎት በስልክ በሆነበት ሰሞን እንኳ፣ ሁሉም ማይኩን ሳይዘጋ ቀድሞ «ቅዱሳን፣ ወንድማችንን አቢሶን አስቡት፣ ኮሮና ጥሎት ነው» ይላል። ሰዉም ከንፈሩን ይመጣል። በዚያ ዓመት ከንፈር የማይመጠጥበት ቀን አልነበረም።

አቢሶ ወንድሜ ነው። እኔ ፊቤ ነኝ፣ ታናሽ እህቱ። ወንድሜን የጣለው ጭስ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ እንግሊዝኛን ከዱቄት ከረጢትና ከሆም አፌርስ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ላይ ለቅሜ የተማርኩ ሴት ነኝ። አፍንጫ ግን አለኝ። ያን ቀን ለሥራ ከሄድኩበት ከቮስሎሩስ መጥቼ የተኛበትን ብርድ ልብስ ሳነሳ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተኝ። የመስኮቱን ፍሬም በጣቴ ጠረግሁት፤ ጣቴ ጠቆረ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጁላይ 2020፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ፎቁ ሦስት ቀን መብራት አጥቷል። የፎቁ ባለቤት ጄነሬተር አምጥቶ በሕንፃው መሃል ባለችው የአየር ማስገቢያ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠ፤ ምድር ቤት ያሉት የተከራዩ ሱቆች ፍሪጅ እንዳይጠፋ። የጭሱ ቱቦ ወደ ጣሪያ መውጣት ሲገባው ክንድ ያህል ከፍ ብሎ እዚያው ያበቃል። የአቢሶና አብሮት የሚኖረው የአጵሎስ ክፍል መስኮት በትክክል ከላዩ ነው። አንዱ መስታወት ከተሰበረ ዓመት ስላለፈው በካርቶን ተሸፍኗል።

አቢሶ ዳቬይተን ውስጥ ሱቅ ነበረው። ያን ቀን ገና ሳይነጋ ዕቃ ሲሸምት አርፍዶ፣ ታክሲው እስኪነሳ ጋደም ልበል ብሎ እኩለ ቀን ላይ ተኛ። አጵሎስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲገባ አስመልሶ፣ ከንፈሩ ተገልብጦ፣ ቢጠሩት የማይሰማ ሆኖ አገኘው።

አጵሎስ አምቡላንስ ደወለ። «ሰው ታሟል፣ ቤሪያ ነን» አለ። «ጠብቁ» አሉት። ሩብ ሰዓት ጠበቀ። አንድ ነገር ትዝ አለው፦ የቤተ ክርስቲያን ልጆች «ለስደተኛ አምቡላንስ የሚመጣው ኮሮና ካልክ ብቻ ነው» ሲሉ ሰምቷል። እንደገና ደወለ። «ኮሮና ነው! ሳምንት ሙሉ ሲያስለው፣ ሲያተኩሰው ነበር!» አለ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ነጭ የለበሱ ሰዎች ደረጃውን ሮጠው ወጡ፤ ኦክስጅን አፉ ላይ ገጠሙለት። በኋላ አንዱ ሐኪም ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ሬሳ ነበር የምንቀበለው ብሎኛል።

ስለዚህ ያ ውሸት ወንድሜን አድኖታል። ይህን ሳልክድ ልጀምር።

*

ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም። እኔና አጵሎስ አምስት ቀን ሙሉ በሩ ላይ ስንቆም እንውላለን። ጥበቃው በየሰዓቱ «ሳኒቦናኒ፣ ወደ ኋላ!» ይለናል፤ ሰላምታውንም ማባረሩንም ባንድ ትንፋሽ።

በአምስተኛው ቀን አጵሎስ ያቺን ባለ ቁልፍ ስልኩን ዘረጋልኝ። ዘመናዊውን ስልክ አውቶቡስ ላይ ቀምተውት ያቺን ነበር የያዘው።

«ፊቢዬ፣ እህቴ፣ እስኪ ይችን አንብቢልኝ። አሁን ነው የገባችው።»

«አጵሎስ፣ ስምንት ዓመት እዚህ አገር ኖረህ አንድ መልእክት ማንበብ ያቅትሃል? ደንበኞችህን በምን ታናግራቸዋለህ፣ በጥቅሻ?»

«በዙሉ ነዋ። ዙሉ እኮ ካንቺ እበልጣለሁ።»

«ዙሉ የሚጽፍልህ የለም። የኤርታይም፣ የስልክ ካርድ ማስታወቂያ ነው። ‹ሃምሳ ራንድ ሙላ፣ አሥር ይጨመርልሃል።› አንተን ሞኝ ብለው ነው።»

ስልኩን አላየሁም። ዓይኔ በሩ ላይ ነበር፣ ስም የሚጠራው ሰውዬ ወጥቶ። አጵሎስ ሳቀ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀን በኋላ ምንም አንብቢልኝ ብሎኝ አያውቅም። ኩራት የኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እሱም አለው ለካ።

አቢሶ በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። ይናገራል፣ ሰው ያውቃል፣ የሆነውን ስነግረው ይገባዋል። እጁ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ሲራመድ መሬቱን የሚጠራጠር ይመስላል። ዳቦ ልስጥህ ስለው እጁን ይዘረጋል፣ ዳቦው ይወድቃል። ያልኩትን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይጠይቀኛል፣ ከጠየቀ በኋላም መጠየቁን ያውቀዋል፣ የሚያስለቅሰው ይኼ ነው። ሐኪሙ ለዓመታት የሚቆይ የእጅና የእግር ሕክምና በሳምንት ሁለት ቀን ካገኘ የራሱን ጽዋ የሚያነሳ ሰው ይሆናል አለ። ካላገኘ እንዲሁ ይቀራል። የመንግሥት ወረፋ በወር አንድ ቀን ነው፣ እሱም ከተገኘ።

ክስ የመሠረትነው ለዚህ ነው። ለሌላ ለምንም አይደለም።

*

ጠበቃችን ሚስ ማሴኮ ትባላለች፤ ቢሮዋ መሃል ከተማ፣ ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ ውስጥ ነው። አቢሶን የተሸከምኩ ያህል ደግፌ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። «ካላሸነፍን አላስከፍላችሁም» አለች፤ «ከተሸነፍን ግን የእነሱን የፍርድ ቤት ወጪ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፣ ይህን አውቃችሁ ግቡበት።»

ከመሳቢያዋ አራት ባዶ ማኅደር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ቸልተኝነት አንድ ነገር ይመስላል፣ አራት ነው» አለች። «መጀመሪያ ግዴታ፦ ባለቤቱ ለአቢሶ የመጠንቀቅ ሕጋዊ ግዴታ ነበረበት ወይ? ሁለተኛ ጥሰት፦ አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ሳያደርግ ቀርቷል ወይ? ሦስተኛ ጉዳት፦ አቢሶ በእውነት ተጎድቷል ወይ? አራተኛ ምክንያት፦ ጉዳቱን ያመጣው ያ ጥሰት ነው ወይ? እያንዳንዱን የምናስረዳው እኛ ነን። እርግጠኛ እስክንሆን አይደለም፣ ሚዛኑ ትንሽ ወደኛ እስኪያዘነብል ነው። ግን ማኅደሮቹ አይበዳደሩም። ሦስቱ ጢም ቢሉ ለአራተኛው አያካፍሉትም።»

ለአቢሶ ተረጎምኩለት። ፈገግ አለ። «እንደ ወንበር እግር ነዋ» አለ በቀስታ።

ዳኛ ፊት ከመቅረባችን በፊት ሁለት ዓመት ማስረጃ ለቀማ ነበር። ከእኔ የተሻለ ለቃሚ አልነበረም፤ ይህን ልኩራበት።

ግዴታ። የባለቤትነት ወረቀቱን ከመዝገብ ቤት አወጣን። ጄነሬተሩ የተገዛበትን ደረሰኝ ሚስ ማሴኮ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከእጃቸው አወጣችው፤ በግርጌው «መሃል ጉድጓድ ይቀመጥ» ይላል፣ ከባለቤቱ ፊርማ ጋር። የእነሱ ጠበቃ «አቢሶ የኪራይ ውሉ ላይ ስሙ የለም፣ ውሉ የአጵሎስ ነው» አለ። ሚስ ማሴኮ ግን ግዴታው ከውል አይደለም የሚመጣው አለች፤ አደገኛ ነገር በእጁ ያለ፣ ሰው በሚተኛበት ሕንፃ ውስጥ ያስነሳ ሰው፣ እዚያ ለሚተነፍስ ሁሉ ነው ግዴታው።

ጥሰት። ይህን የሰጠችን ሰርክአዲስ ናት። ሰርክአዲስ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ልብስ የምትሰፋ፣ ከኔ ጋር በእቃ ማጠቢያው ምክንያት ሁለት ዓመት የተኳረፍን። በሬን አንኳኩታ፦ «አንቺን አልወድሽም፣ ወንድምሽ ግን ምን አደረገኝ» አለችና ስልኳን ሰጠችኝ። አቢሶ ከመውደቁ ሁለት ቀን በፊት የአጭሩን ቱቦ ፎቶ አንስታ ለፎቁ ጠባቂ ልካለታለች፦ «ጭሱ ክፍላችን ይገባል፣ ራሳችንን እያዞረን ነው።» ጠባቂው የመለሰው አውራ ጣት ብቻ ነው። አንዲት ቢጫ አውራ ጣት። አንድ ቱቦ ገጣሚ ደግሞ ቱቦውን ጣሪያ ማድረስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ዋጋውም ከአንድ ፍሪጅ ያንሳል ብሎ መሰከረ። አደጋው ይታወቅ ነበር፣ መከላከያው ቀላል ነበር፣ አላደረጉትም። ሁለተኛው ማኅደር ሞላ።

ጉዳት። የነርቭ ሐኪሟ አቢሶን አፍንጫህን ንካ አለችው። ጣቱ ጉንጩን አገኘ። ሰዓት ሳል አለችው፤ ቁጥሮቹን በሙሉ በአንድ ጎን ሰበሰባቸው። እኔ መስኮት መስኮት አየሁ። የአንጎሉ ፎቶ ላይ የሞቱ ሁለት ቦታዎች አሳየችን፣ በቀኝና በግራ፣ እንደ ባቄላ። ማንም አልተከራከረም። ጉዳት ለማስረዳት አቢሶ ወንበሩ ላይ መቀመጡ ብቻ በቂ ነበር።

አራተኛው ማኅደር ቀረ።

«ጥያቄው እንዲህ ነው» አለች ሚስ ማሴኮ። «ያን ጭስ ከታሪኩ አውጪው። አቢሶ ያን ቀን ይወድቅ ነበር ወይስ አይወድቅም?»

«አይወድቅማ!»

«አንቺን አይደለም የምጠይቀው፣ ወረቀቱን ነው።»

ወረቀቱ ደግሞ የአጵሎስን አፍ ነው የሚናገረው። የአምቡላንሱ ሰነድ፦ «ሳምንት የቆየ ሳልና ትኩሳት፣ የኮሮና ጥርጣሬ።» ሆስፒታሉ ያንኑ ገለበጠ። ኮሮና ስላሉት ደሙ ውስጥ ጭስ የፈለገ የለም፤ ቢፈልግም ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያጥበዋል። ሳንባው ፎቶ ላይ ጥላ አለ። የኛ ሐኪም «ትውከቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ነው» አለች፤ የእነሱ ሐኪም «ኮሮና እንዲህ ነው የሚመስለው» አለ። የአንጎሉ ባቄላዎችስ? «ጭስ እዚያ ቦታ መምታት ይወዳል» አለች የኛዋ፤ ሲጠይቋት ግን «ማንኛውም ከባድ የአየር እጥረትም ሊያደርገው ይችላል» ብላ አመነች። ሐቀኛ ሴት ናት። ያን ቀን ሐቀኛነቷን ረገምኩት።

አንድ ነገር ነበር የሚያስታርቀን። ሆስፒታሉ ከአፍንጫው ናሙና ወስዷል፤ ማኅደሩ ላይ «ተልኳል፣ ውጤት ይጠበቃል» ይላል። ውጤቱ ግን የለም። ላቦራቶሪው በዚያ ወር በናሙና ተጥለቅልቆ ነበር፤ በስሙ ፈለጉ፣ በፈቃድ ወረቀቱ ቁጥር ፈለጉ፣ አጡት። «ውጤት በፎርሙ ላይ ወደተሰጠው ስልክ በመልእክት ይላክ ነበር» ብለው ጻፉልን። ፎርሙም የለም።

ሚስ ማሴኮ አጵሎስን አስጠራችው። በመሃል ሆኜ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

«ያን ቀን የማንን ስልክ ቁጥር ሰጠህ?»

«የኔን ሳይሆን አይቀርም።»

«ከሆስፒታሉ የደረሰህ መልእክት አለ?»

አጵሎስ እኔን አየኝ። «የለም። ለኔ ማስታወቂያ ብቻ ነው የሚመጣልኝ፣ ፊቤ ታውቃለች።»

«ስልኩስ?»

«ባትሪው አብጦ ሞተ። የት እንደጣልኩት እንጃ።»

እንግሊዝኛዬ ቆንጆ ነው። አንድም ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ።

*

ችሎቱ ፌብሩዋሪ 2023 ነበር። ከዚያ በፊት አጵሎስን ደረጃው ላይ አስቁሜ ጠየቅሁት።

«ዛሬም ኮሮና ነው እያልክ ነው አሉ።»

«ፊቢዬ፣ አንዴ ከአፌ ወጣ። ውሸት ነበር ብል ‹ውሸት ደውለሃል› ብለው ያስሩኛል፣ ወረቀቴን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ። ደጋግሜ ስለው ደግሞ... እኔም አመንኩት መሰለኝ።»

«ፍርድ ቤት ምን ልትል ነው?»

«እውነቱን። በጌታ ስም እውነቱን።»

እውነቱንም ተናገረ። አስተርጓሚው የፍርድ ቤቱ ነበር፤ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ጥርሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ። አጵሎስ የሠርግ ኮቱን ለብሷል፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዷል። የእነሱ ጠበቃ ድምፁን እንኳ አልጨመረም።

«ለአምቡላንሱ የተናገሩት እውነት ነበር?»

«አይደለም ጌታዬ። እንዲመጡ ብዬ ነው። አልሳለም፣ አላተኮሰውም።»

«ስለዚህ የሚፈልጉትን ለማግኘት ሲሉ ስለ ሕመሙ ዋሽተዋል።»

«ወንድሜ እየሞተ ነበር።»

«አዎን ወይስ አይደለም?»

«...አዎን።»

«ለፎቁ ጠባቂም ኮሮና ነው ብለዋል። ለቤተ ክርስቲያንዎም። ለሁለት ዓመት። ያኔ አምቡላንስ አልጠበቁም።»

ጠበቃው ወረቀቱን ገለበጠ።

«ዛሬስ የሚፈልጉት ነገር አለ?»

«እንዲታከም እፈልጋለሁ።»

«አመሰግናለሁ» አለ ጠበቃው፣ ተቀመጠ።

ዳኛዋ ጻፈች። ሚስ ማሴኮ ተነስታ ማንሳት ያለባትን ሁሉ አነሳች፤ ራሷን ያዞራትን ጎረቤት፣ ጥቁሩን መስኮት፣ አጭሩን ቱቦ። ዳኛዋ ያንንም ጻፈች። የጻፈችው እኩል ይመስለኝ ነበር። እኩል መሆኑ ነው የገደለን።

ፍርዱ የተነበበው ሜይ ላይ ነው፤ በሽታው ዓለም አቀፍ አደጋ መሆኑ አብቅቷል በተባለበት በዚያው ወር። ዳኛዋ ማኅደሮቹን አንድ በአንድ ዘጋቻቸው። ግዴታ ነበረ። ተጥሷል፤ ያቺን አውራ ጣት «አሳፋሪ» አለቻት። ጉዳቱ ከባድ ነው። እስከዚህ ድረስ አቢሶ እጄን ይዞ ነበር።

«ነገር ግን» አለች። «ያለ ጭሱ ከሳሹ አይወድቅም ነበር ለማለት ከማይቻልበት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። ጭሱም ሊሆን ይችላል፣ በሽታውም። ዋናው ምስክር ሁለቱንም ብሏል። የናሙናው ውጤት ቀርቦ ቢሆን ሚዛኑ ሊያዘነብል ይችል ነበር፤ አልቀረበም። ሚዛን እኩል ሲቆም የሚወድቀው የማስረዳት ሸክም ያለበት ነው።» ተከሳሹን ከክሱ አሰናበተችው።

«አሸነፍን?» አለኝ አቢሶ።

«ሦስቱን» አልኩት።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ጠየቀኝ።

ኮሪደሩ ላይ ሚስ ማሴኮ እንዲህ አለች፦ «ይግባኝ የሚያየው እዚህ የቀረበውን ነው። የተባለው ደግሞ ስህተት አይደለም። አንድ በር ብቻ አለ፤ የዛሬው ውሳኔ ክሱን ለዘላለም አልቀበረውም፣ አዲስ ማስረጃ ከተገኘ እንደገና መክሰስ ይቻላል። ግን አቢሶ ነገሩን ካወቀበት ቀን ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ኦገስት ያልቃል። ከዚያ በኋላ መልአክ ቢመሰክርም አይሰማም።»

በሦስት ወር ውስጥ ሆስፒታሉን አራት ጊዜ፣ ላቦራቶሪውን ስድስት ጊዜ ለመንኩ። የስልክ ድርጅቱ ያረጀ መልእክት አናስቀምጥም አለኝ። እኔ፣ ፊቤ፣ ሰው ለመለመን ያልተፈጠርኩት፣ ጥበቃ ለመንኩ። ኦገስት አለቀ።

*

ኖቬምበር ላይ አጵሎስ ዳቬይተን የአቢሶን ሱቅ ሊይዝ ዕቃውን ከፍራሽ ሥር ሲያወጣ ዋለ። አመሻሽ ላይ በሬን አንኳኳ። ከፍርዱ ወዲህ ዓይኔን አያየኝም።

«ለአቢሶ ነው» አለ፣ አንድ ነገር በላስቲክ ጠቅልሎ። «የመስታወቱን ስልክ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አልችል ብሎታል አይደል? ይች ባለ ቁልፍ ናት፣ ትሻለዋለች። ሻንጣ ሥር አገኘኋት። ባትሪ ገዛሁላት።»

«እግዜር ይስጥህ» አልኩት። በሦስት ዓመት ውስጥ ደግ ቃል ስናገረው ያ የመጀመሪያው ነበር። እሱም ደስ አለውና ሄደ።

አቢሶ ትራሱን ተደግፎ ስልኳን በሁለት እጁ ያዛት። ቁልፉን ተጫነ፤ ገባለት። እንደገና ተጫነ። ሳቀ። «ሞልታለች ትላለች፣ ፊቤ። መልእክት ሞልቷል።»

«አምጣ፣ የአጵሎስን ማስታወቂያ ልጥረግልህ።»

አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። ሃምሳ ሙላ፣ አሥር ይጨመርልሃል። ዕጣ ወጥቶልሃል። ሃምሳ ሙላ። ከአምስት ወር በላይ የጠረግሁ ይመስለኛል፣ አውራ ጣቴ ቀድሞ ሊያጠፋ ሲል ስሙን አየሁ።

ጁላይ 19፣ 2020፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ። ሆስፒታሉ በር ላይ የቆምንበት አምስተኛ ቀን። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ አቢሶ ዱካሞ፣ ጁላይ 14 የተወሰደ ናሙና፣ የኮሮና ቫይረስ አልተገኘም።